በልጄ አናት ላይ የቀለጠው ቅባት

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ላይ ሞጣ ሳይንስ አስተምር ነበር። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እኔ ደጃዝማችነቱን ባላገኝም መጠየቁን አልተውኩም። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «መምህር ለምን» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ነገር ግን ልናገር፦ ብዙ የሚጠይቅ ሰው የሚያውቅ ይመስለዋል።

የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ አማቴ ባለቤቴን ልታርስ ከቢቸና መጣች። ብዙ የማይናገሩ፣ ሥራቸውን ግን አንድ ጊዜ ሠርተው የማይደግሙ ሴት ነበሩ። («መጣች» ማለቴን ይቅር ይበሉኝ፤ ፊት ለፊት አንድ ቀን «አንቺ» ብያቸው አላውቅም።) በየጠዋቱ በአውራ ጣታቸው ለጋ ቅቤ ቆንጠር አድርገው በሕፃኑ እርግብግቢት ላይ ያኖራሉ፤ ከአናቱ ላይ የምትርገበገበው ስስ ቦታ እንዳትደርቅ ነው። እናታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ቀዝቃዛው ውሃ ፊቱን ሲነካው ያለቅሳል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ዝም አለ፤ አየር የሳበው ከውሃው ከወጣ በኋላ ነው። ሌላው ሰው እልል ሲል እኔ «ለምን ትንፋሹን ያዘ?» እያልኩ አስብ ነበር።

ከክርስትናው በሦስተኛው ቀን አፍንጫው ታፈነ። ጡት ይይዝና ሁለት ጊዜ ሳይስብ ይለቃል፤ ያንኮራፋል፤ ይነጫነጫል። እኔም ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ከሱቅ የገዛሁት ቅባት ነበረኝ። በትንሽ ክብ ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ የሚያቀዘቅዝ መንቶልና ሽታው የሚሰነፍጥ ካምፎር፣ የባሕር ዛፍ ዘይትም ያለበት ነው። ጥቂት ከአፍንጫዬ ሥር ስቀባ አየሩ እስከ ግንባሬ የሚዘልቅ ይመስለኛል። ለእኔ የበጀኝ ለልጄ እንዴት አይበጀውም?

«እማማ፣ ከቅቤው ጋር ይቺን ይለውሱለት» አልኳቸው።

ቆርቆሮውን አሸተቱና ራቅ አደረጉት። «ልጄ፣ ይሄማ ዓይን ያስለቅሳል። ለሕፃን ይሆናል?»

«አፍንጫው ውስጥ አይደለም እኮ፤ አናቱ ላይ ነው። ሽታው ብቻ ይበቃዋል።»

«እኔ እንጃ። ቢቸና እንዲህ ያለ ነገር አላየንም።»

«የእኔን አፍንጫ አልከፈተም? ግድ የለዎትም፣ እኔ አውቃለሁ» አልኩ። መምህር ነኝና እሺ አሉ። ቅቤውን ከቅባቱ ጋር ለውሰው አናቱ ላይ አኖሩት፤ እንዳይበርደው ጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ ታቅፈውት ተቀመጡ።

ቅቤ አናት ላይ ሲኖር ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ ይወርዳል። ይህን ለማወቅ ሳይንስ መማር አያሻም። ከእሳቱ ሙቀት የተነሣ ወዙ በግንባሩ ወረደ፣ በቅንድቦቹ መካከል አልፎ አፍንጫው ጫፍ ደረሰ። ልጁ አንድ ጊዜ ሲቃ ያዘውና ተንጠራራ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አፉ ተከፍቷል፣ ደረቱ ግን አይነሣም። ከንፈሩ ጠቆረ። እኔ ቆሜ አያለሁ፤ ያን ጊዜ አንድም ጥያቄ አልመጣልኝም። አማቴ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫውንና ፊቱን ጠራርገው ወደ ደጅ ሮጡ፣ እግሩን መታ መታ አደረጉት። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ ለእኔ ዓመት ነበር። ከዚያ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንሮጥ ባለቤቴ ከአራስነት ገና መነሣቷን ረስታ ቀደመችን። እዚያ ያለው ጤና መኮንን ከሐረር ተመድቦ የመጣ ወጣት ሙስሊም ነበር፤ እኛ ሀኪሙ እንለዋለን። የልጁን ደረት አዳመጠ፣ ከንፈሩን አየ፣ ጎንበስ ብሎ አናቱን አሸተተ።

«ይሄ ቅቤ ብቻ አይደለም። መንቶል ነው፤ ካምፎርም አለው። ማነው የቀባው?»

አፌን ከፈትኩ። አማቴ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ የቀባሁት» አሉ።

«እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሕፃን ፊት አጠገብ አይደርስም! ሊገድሉት ነበር እኮ!» አላቸው። እሳቸው መሬት መሬት አዩ። እኔም ዝም አልኩ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ሀኪሙ አናቱንና ፊቱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠበው፤ እስከ ማታ እዚህ ይቆይልኝ ብሎ ለባለቤቴ አልጋ ሰጣት። ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ጥቂት ጨው አሟሙቶ በየአፍንጫው አንድ አንድ ጠብታ አደረገለትና ጡት ስጪው አላት። ልጁ ያዘና ሳይለቅ ጠባ። አማቴ ወጥተው በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ።

እኔ ደግሞ ልጁ መዳኑን ሳይ ያ አመሌ ተነሣብኝ። «ለእኔ አፍንጫ የሚከፍት ነገር ለእሱ እንዴት ይዘጋል?» አልኩት።

ሀኪሙ ፈገግ አለና ከግድግዳው መስታወት አወረደ። «መምህር፣ አፍህን ዝጋና በአፍንጫህ ተንፍስበት።» ጉንፋኔ ገና አልለቀቀኝም፤ ትንሽ ጉም መስታወቱ ላይ ቀረ። ዳሩን በጣቱ አስምሮ፣ ከኪሴ ካወጣሁት ቅባት ቀብቶኝ እንደገና ተንፍስ አለኝ። አፍንጫዬ ወለል ብሎ የተከፈተ መሰለኝ። ጉሙ ግን ከመሥመሩ ንቅንቅ አላለም።

«አልከፈተም!» ብዬ ጮኽኩ።

«አይከፍትም። መንቶል ቅዝቃዜን የሚያውቀውን ነርቭ ቀስቅሶ ቀዝቃዛ አየር የገባ ያስመስላል እንጂ። አንተን ያታልልሃል፤ ሕፃኑን ግን ያስደነግጠዋል። ጨቅላ ፊቱና አፍንጫው ላይ ብርቱ ቅዝቃዜ ሲሰማው ጉሮሮው ይዘጋል፣ ትንፋሹ ይቆማል፤ ውሃ እንዳይገባበት አካሉ ራሱን የሚጠብቅበት መንገድ ነው። ደግሞ የዚህ ዕድሜ ልጅ በአፉ መተንፈስ ገና አልለመደም።»

የክርስትናው ጠዋት ትዝ አለኝና ነገርኩት። «እሱው ነው!» አለ። «ውሃው ቶሎ ይለቀዋል፤ ቅባቱ ግን ተጣብቆ ይቆያል። ካምፎሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በስስ ቆዳው ይሰርጋል፣ ከእጁ ከላሰውም ይውጠዋል፤ ጨቅላን ያንቀጠቅጣል። የባሕር ዛፍ ዘይትም ከዚያ አይሻልም።»

ምን ልበል፣ ደስ አለኝ። ለተማሪዎቼ በመስታወት እንዴት እንደማሳይ ሁሉ ማሰብ ጀመርኩ። ያኔ ባለቤቴ «እናቴ ነገ ቢቸና እሄዳለሁ እያለች ነው። ልጁን ያዢልኝ ብላት እምቢ አለችኝ» አለችኝ።

ወደ በረንዳው ወጣሁ። አማቴ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ተቀምጠዋል። ሀኪሙንም ልጁን የታቀፈችውን ባለቤቴንም ጠራሁ።

«ቅባቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ለውሱለት ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ይሆናል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ አውቃለሁ ብዬ ያስደረግኋቸው እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ ትክ ብላ አየችኝ። ሀኪሙ አማቴን ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት እኔን ነበር።

«እማማ፣ ያዘዝኩት እኔ መሆኔን ለምን አልነገሩትም?» አልኳቸው።

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ስጠብቅ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። «ሁሉን የምትጠይቅ ሰው፣ አንድ ሲጠይቁህ ትመልሳለህ ብዬ።»

እሳቸው እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ለሀኪሙ ዘረጉለት። «ሦስት ጊዜ ታጥቤዋለሁ። እስቲ አሽትት፤ ልይዘው እችላለሁ?» አሉት።

ሀኪሙ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ይችላሉ አላቸው። ባለቤቴ ልጁን ሰጠቻቸው።