ጉሉማ ያላጠፋው ባትሪ መሙያ

ጎባ ላይ ድምፅ ማጉያ ያስፈለገው ሰው ጉሉማ ረጋሳን ይጠራል። ለሰርግም ለሹማምንት ንግግርም እሱ ነው። ሱቁ የመኪና ባትሪ የሚሞላባት ጠባብ ክፍል ናት። ማጉያው እምም ካለ መንስኤውን ሳያገኝ እህል አይቀምስም። ሌላው ዘፈኑን ሲሰማ እሱ ከዘፈኑ ሥር ያለውን ጩኸት ነው የሚሰማው። ጎረቤቱ ነኝና፣ ይህ ሰው ጤነኛ አይደለም እያልኩ ስቄበታለሁ።

ሚስቱ አባይነሽ ስትሞት ልጃቸው ጫሊ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ፎቶግራፍ እንኳ አልቀረላቸውም፤ አንዲት የቴፕ ጥቅል ብቻ ቀረች። አንድ መኮንን ለጥገና ያመጡትን መቅረጫ ጉሉማ ሲሞክር፣ አባይነሽ ልጇን አቅፋ እሹሩሩ ብላበት ነበር። መኮንኑ መቅረጫቸውን ወሰዱ፣ ጥቅሏን ተዉለት። ጫሊም «የእማዬ ድምፅ ሣጥን ውስጥ አለ» እያለች አደገች።

ዘንድሮ ጉሉማ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር መሸሻ መቅረጫ እንዳለው ሰማና ለምኖ ተዋሰው። እኔንም ጠራኝ። ጫሊ ፀጉሯን ተሠርታ ማጉያው ፊት ተቀምጣለች። መቅረጫውን ከማጉያው ጋር አገናኘው። እምምም!

አልደነገጠም፤ ይህ ሥራው ነው። የማጉያው የመሬት ሽቦ ጓሮ ከተቀበረ ብረት፣ የመቅረጫው ደግሞ ከውሃ ቧንቧ ጋር ታስሮ ነበር። ሁለቱንም ወደ አንዱ ብረት አመጣቸው፤ ጩኸቱ ቀነሰ። በመካከላቸው ያለው ገመድ፣ ጩኸት የሚከለክለው መሸፈኛ ሽቦው ጫፉ ላይ ተበጥሷል፤ በየደው። ጥዝ የሚል ነገር ቀረ። ባትሪ መሙያውን ነቀለ። ጸጥ አለ።

«በይ ስሚ» አላትና ጥቅሏን አስነሳ።

ጥዝታው ተመልሶ መጣ። ከሥሩ የሰው ድምፅ የሚመስል ነገር ያጉረመርማል። መሙያውን አየ፤ እንደተነቀለ ነው። ጥቅሏን አቆመ፤ ጸጥ። አስነሳት፤ ጥዝዝ። ያኔ ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እሹሩሩው በተቀረጸ ቀን መሙያው እየሠራ፣ የማይክሮፎኑ ገመድ በአጠገቡ አልፎ ነበር። ጥዝታው ከእሹሩሩው ጋር አብሮ ተቀርጿል። ይህ በብየዳ አይወጣም።

ድንገት አባይነሽ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረበች መሰለኝ፣ ድምጿ ጠራ።

«ጉሉማ፣ ሜ፣ እባክህ ይህን ነገር አጥፋው። ልጄን አላስተኛ አለኝ።»

«ተይው፣ አይሰማም» አለ የራሱ ድምፅ። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ጥዝታ ብቻ ነው።

ጫሊ አላለቀሰችም።

«አባ፣ እማዬ እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ለምን አላጠፋህላትም?»

ጉሉማ መቅረጫውን አጠፋው።

አሁን ጫሊ ሲመሽ ወደ ሱቁ ትገባና መሙያውን ትነቅላለች። ባለ መኪኖቹ ባትሪያችን አልሞላም ብለው ይጮኹበታል። ጉሉማ ግን ልጁ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ መልሶ አይሰካውም።