በእናቴ ስም የፈረምኩት ቅጽ

እናቴ እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። በዕብራይስጥ የሚመጣላትን ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን አንድ የንግድ ቤቶችን ስምና አድራሻ በማውጫ የሚያወጣ ድርጅት «ዝርዝርዎን ያረጋግጡ» የሚል ቅጽ ላከላት። ስሟን እንደተለመደው አሳስተው ጽፈውታል። ተናድጄ አረምኩት፤ ሳልጠይቃት በእሷ ስም ፈርሜ መለስኩት። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ግን አላነበብኩም።

ከወር በኋላ ከዚያው ድርጅት የዓመት ማስታወቂያ ክፈሉ የሚል ሒሳብ መጣ። እናቴ ደወለችላቸው።

«ኧረ እኔ ምንም አላዘዝኩም! ደብዳቤዬን የምታነበው ልጄ ናት፤ እሷን ደግሞ ማንም አያታልላትም» አለች፣ በኩራት እያየችኝ።

ስልኩን ያነሳው ሰውዬ ማስታወቂያውን ለማዘዝ የተፈረመ ቅጽ በእጁ እንዳለ ነገራት።

«እማ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ስልኩን ዘጋችው።

«እንድታነቢልኝ እንጂ እንድትፈርሚልኝ መቼ ጠየቅኩሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።