የላኪዋ እጅ

ልብስ ሰፊዋ ቁመቷ አጭር፣ አንደበቷ ረጅም ነው ይሏታል። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን በስፌት መኪና አሳድጋ ለወግ አብቅታለች። ልጅቷ ባህር ማዶ ተሻግራ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች።

"የሱቅሽን ኪራይና የመድኃኒትሽን ወጪ ለእኔ ተይው" ብላ እናቷን ካስማለቻት ወዲህ በየወሩ ትልካለች። ሁለቱ ሲደመሩ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ነው፤ የሚደርሰውም ድፍን አሥራ ሁለት ሺህ ብር ነበር። ልጅቷ እንደላከች የማረጋገጫውን ደረሰኝ በስልክ ታስተላልፍና ወዲያው ትደውላለች። ከዚያ ሳቅና ሐሜት ነው።

አንድ ወር ደረሰኙ መጣ፤ ስልኩ ግን አልጮኸም። ሰፊዋ ስትደውል አይነሳም። ወደ ማታ አንዲት አጭር መልእክት ገባች፤ "ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደህና ነኝ።"

በማግስቱ ባንክ ሄዳ ስትቀበል አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ስምንት ብር ሆነ። ሱቋ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ሲሰማ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ።

"እትዬ፣ ባንኩ ነዋ የላጨሽ! እኔ እንኳ ፀጉር ብቻ ነው የምላጨው። ተመለሺና አፋጥጫቸው።"

ተመለሰች። መስኮቱ ላይ ያለችው ከፋይ ወጣት ናት፤ ቁጣውን እስኪያልቅ ሰማችና "ደረሰኙን ያሳዩኝ፣ እናቴ" አለች። ስልኩን ለእሷም ለሰፊዋም እንዲታይ አዙራ በጣቷ እያሳየች ማስረዳት ጀመረች።

"ይኸው፣ ጠቅላላ የተከፈለው ሁለት መቶ ዶላር ነው። አራቱ የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ ከውስጡ ተቀንሷል። ወደ ብር የተመነዘረው የቀረው መቶ ዘጠና ስድስት ነው። አንዱ ዶላር በሃምሳ ስምንት ብር ሲታሰብ አሥራ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ስምንት ይመጣል። እኛ ሰባራ ሳንቲም አልነካንም።"

"እዚያ ሰሌዳችሁ ላይ ግን ስልሳ ይላል! ዓይኔ እኮ ገና አልደከመም።"

"እሱ የእኛ የዛሬ ዋጋ ነው። አስተላላፊው ድርጅት የራሱ ዋጋ አለው። ዝቅ አድርጎ ይመነዝርና ልዩነቱም ለእሱ ትርፍ ይሆነዋል። የአገልግሎት ክፍያውን ብቻ አይደለም የሚወስደው። ደግሞ ዋጋው ልጅዎ በላከችበት ሰዓት ተቆርጧል፤ ዛሬ ቢወጣም ቢወርድም እርስዎን አይነካም።"

"እሺ፣ ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉ ለምን አልጎደለም? ዋጋው እኮ ድሮም ይወጣል ይወርዳል።"

ከፋይዋ የቀድሞዎቹን ደረሰኞች አየችና ፈገግ አለች። "ልጅዎ ጎበዝ ናት። ይዩት፣ እዚህ ሁለት መቶ አራት ዶላር ከፍላለች፤ እዚህ ደግሞ ሁለት መቶ አሥር ከምናምን ሳንቲም። ሲልኩ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ 'የምልከው'፣ አንዱ 'የሚደርሳቸው' ይላል። እሷ እርስዎ የሚደርስዎትን ትጽፋለች፤ ምንዛሬው ሲከፋም ክፍያው ሲጨመርም ጉድለቱን ከራሷ ትሞላለች። በዚህኛው ግን የምትልከውን ነው የጻፈችው፤ ድፍን ሁለት መቶ፣ ክፍያውም ከውስጡ። ስለዚህ እርስዎ ጋ ሽርፍራፊ ሆኖ ደረሰ። ምናልባት ቸኩላ ይሆናል።"

ሰፊዋ አመስግና ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ደረሰኙን እንደገና ከፍታ አየችው። ልጇ ሥራ ቢበዛባት ትዘገያለች፣ ብትቸገር ትናገራለች፤ ግን የእናቷን ኪራይ ሸርፋ አትልክም። ይህን ደረሰኝ የላከው ስልክ የልጇ ነው። ስሙም የልጇ ነው። እጁ ግን የልጇ አይደለም።

ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ? "ልጄ በዶላር ጻፈች" ብትል እብድ ይሏታል። ቀን ቀን የምትሰፋው ይጣመምባት ጀመር። ስልኩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር መስፋቷን አቁማ ታያለች፤ መልእክቱ ያው ነው፤ "ደህና ነኝ።" እሷም መፈተን ጀመረች። "የአጎትሽ ልጅ ወለደች" ብላ ጻፈች። "እንኳን ማርያም ማረቻት" የሚል መልስ መጣ። ልጇ ግን የአጎት ልጅ የላትም፤ አጎትም የላትም።

በሚቀጥለው ወር ሌላ ደረሰኝ መጣ። አሁንም ጠቅላላ ሁለት መቶ፣ አሁንም አራት ተቀንሶ፣ ምንዛሬው ብቻ ወደ ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል ወጥቶ፤ የደረሰው አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ሁለት። ከበፊቱ በልጧል። ሰፊዋ ግን ጭማሪውን ስታይ ይበልጥ ፈራች፤ ያ የማታውቀው እጅ አሁንም እዚያው አለ ማለት ነው።

ደወለች። ተነሳ። የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ከትንፋሹ ኋላ አንድ መሣሪያ ጢው... ጢው... ይላል።

"የልጄን ስልክ የያዝሽው" አለች ሰፊዋ፣ ሴት መሆኗን በምን እንዳወቀች እስከ ዛሬ አታውቅም፤ "ማን ነሽ?"

ትንፋሹ ተቆራረጠ። ቀጥሎ ለቅሶ ሆነ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አብሬያት የምኖረው ነኝ።"

"ሞታለች?"

"የለም! የለም፣ አለች። ሥራ ቦታ ከደረጃ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመታች። እስትንፋሷ አለ፣ ግን አልነቃችም። አሁንም አጠገቧ ነኝ። እርስዎን እንዳላስደነግጥ ፈርቼ ነው ደህና ነኝ እያልኩ የጻፍኩት።"

ሰፊዋ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። "ብሩንስ?"

"የራሷ ነው። የሕመም ፈቃድ ደሞዟ ይገባል። ኪራዩ ካለፈ ሱቁን እንደሚቀሙዎት ሁሌ ትነግረኝ ነበር። ስንት እንደሚደርስዎት ግን አላውቅም፤ ሁለት መቶ ገደማ እንደምትልክ ነው የማውቀው። ስልኩ የሚከፈተው በአሻራዋ ነው... አውራ ጣቷን አንስቼ ስልኩ ላይ አስነካለሁ። ሲከፈት እልካለሁ፣ እጇን መልሼ አንሶላው ውስጥ አስገባለሁ። እጇ ይሞቃል፣ እማማ። እንደነቃች ሁሉ ይሞቃል።"

ሰፊዋ የራሷን አውራ ጣት አየች። የተኛች ልጇ፣ ሳታውቅ፣ በሰው እጅ እየተነሳች ስትልክላት ኖራለች። ያንን ብር መድኃኒት ገዝታበታለች፤ ውጣዋለች።

"ስሚኝ" አለች በመጨረሻ። "ከእንግዲህ እጇን እንዳታነሺ። ኪራዩን በስፌት መኪናዬ እወጣዋለሁ። ስልኩን ብቻ ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እየሰፋች ታወራላታለች። ፀጉር አስተካካዩ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ መልስ የሌለው ወሬ እየሰማ አንዳንዴ በሩን ይዘጋ ነበር፤ ምን ሆነሽ ብሎ ግን አልጠየቃትም።

ልጅቷ የነቃችው ክረምቱ ሲያልቅ ነው። አብራት የምትኖረው ሴት ደግፋ አገሯ አደረሰቻት። በዱላ ትሄዳለች፤ ቃል ፈልጋ እስክታገኝ ትቆያለች። ሰፊዋ አጃቢዋን በር ላይ ስታያት አንዴ በጥፊ ልትላት እጇን ሰነዘረች፤ ግን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ቀረች።

የስልኳን ነገር ልጅቷ ዘግይታ ነው የሰማችው። "በሕልሜ" አለች ቃሉን እየጎተተች፣ "አንድ ሰው እጄን እየያዘ፣ የሆነ በር... ክፈቺ ይለኝ ነበር። ከበሩ ኋላ ማን እንዳለ ሳላውቅ፣ እከፍትለት ነበር።"

ሦስቱም ተያዩ። ከዚያ ሰፊዋ ቤቱ የጨለመባት ይመስል ተነሥታ መብራቱን አበራች፤ ውጭ ገና ቀን ነበር።