የአለነና የታንጉ እኩል እኩል

አለነ ገብረማርያም ከጎጃም ወደ መተማ ቆላ የወረደው ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብቻ ነበር። አጨዳው አለቀ፤ እሱ ግን ቀረ። መጀመሪያ ትራክተር አጣቢ፣ ቀጥሎ ዘይት ቀያሪ፣ ኋላም ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ የትራክተር ሾፌር ረዳት ሆነ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ደመወዙ ሰማንያ አምስት ብር ነበር። ጡረታውና የዚያ ዘመን መዋጮ ሁሉ ተቆርጦ እጁ ላይ የሚወድቀው ሰባ ስድስት ነው።

ሚስቱ ታንጉ የጭልጋ ልጅ ናት። ኮኪት ገበያ ዳር ከአንድ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር የስፌት መኪናዋን ተክላ ለሠራተኛው ካኪ ሱሪ፣ ድንበር ተሻግሮ ለሚነግደው ጀለብያ የሚሉትን ረዥም ቀሚስ ትሰፋለች። ከመስከረም እስከ ጥር ቆላው በሠራተኛ ሲሞላ በወር ሁለት መቶ ሃያ ብር ታገኛለች። ሠራተኛው ወደ ደጋ ሲመለስ ግን ሃምሳ ብር ካገኘች ተመስገን ነው።

የተዋወቁት በሱሪ ነው። አንድ ቀን የተቀደደ ሱሪ ይዞላት መጣ። ሰፋችለት። ከዚያ ወዲያ የአለነ ሱሪ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይቀደድ ጀመር። በስድስተኛው ታንጉ ቀዳዳውን ዘርግታ አየችና፣ “ይኸ እሾህ የቀደደው አይደለም፤ በቢላዋ የተቆረጠ ነው” አለችው። አለነ አንገቱን ደፋ። እሷ ሳቀች። በፋሲካ ተጋቡ።

እንደተጋቡ አለነ አንድ ነገር አጥብቆ ያዘ፦ “የቤት ወጪ የወንድ ነው።” ማሽላው፣ ዘይቱ፣ ውኃው፣ እንጨቱ፣ የመብራት ጋዙ ተደማምሮ በወር መቶ ብር ይፈጃል። ሰባ ስድስት ብር መቶ አይሆንም። ስለዚህ ወሩ ሳይጋመስ ከሷሊህ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል። ሷሊህ ዝም ብሎ ይሰጠዋል፤ ቀሪውን ታንጉ በጓሮ በኩል እየመጣች እንደምትከፍል ያውቃልና። አለነም ያውቃል። ግን እንደማያውቅ ሆኖ መኖር ተመችቶታል። እሷ ከዚያ የተረፋትን እቁብ ትጥላለች፤ ሐሳቧ የሣር ክዳኑን አውርዳ ቤቱን ቆርቆሮ ማልበስ ነው።

ጥቅምት ላይ ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት መጣ። ታንጉ አራት መቶ ብር እቁብ ደረሳት። የአለነ አገር ልጅ አገኘሁም ለአጨዳ ከጎጃም ሲወርድ መልእክት አመጣ፦ የአባቱ በሬ ገደል ገብቶ ሞቷል፤ መተኪያው ሦስት መቶ ብር ነው።

አለነ ሳይተነፍስ፣ “ይልካል በላቸው” አለ።

ታንጉ በመቀስ ከምትቆርጠው ጨርቅ ቀና አለች። አገኘሁ እስኪወጣ ጠበቀችና፣ “ከየት አምጥተህ ነው የምትልከው?” አለችው።

“እቁቡ ደርሶን የለ?”

“ደርሶን? የጣልሁት እኔ፣ የደረሰን እኛ!”

“የኔ አባት ያንቺ አባት አይደሉም?”

“አባቴ ናቸው። ሳትጠይቀኝ ቃል የገባህበት ገንዘብ ግን የኔ ነው።”

“እንግዲያ ላንቺ እኅትስ? ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ልብሱ በየመኪናው ጭልጋ ሲጫን ማን ጠየቀኝ?”

“ከራሴ ነዋ የምልክላት!”

“እኔስ ከራሴ መላክ አምሮኝ ነበር። የማበላው አፍ ባይኖርብኝ!”

ይህች ቃል ከአፉ እንደወጣች ሊመልሳት ፈለገ። አልተመለሰችም። ታንጉ መቀስዋን አስቀመጠችና ቀስ ብላ፣ “የማበላው አልኸኝ? ደግ። ከዛሬ ጀምሮ እኩል እኩል። ሃምሳ አንተ፣ ሃምሳ እኔ። ዘመድህን አንተ፣ ዘመዴን እኔ። ለበሬው አምስት ሳንቲም የለኝም” አለችው።

አለነ ተገላገልሁ ብሎ ሳይሆን ተናዶ፣ “ይሁን!” አለ።

እኩል እኩሉ በአፍ ሲሉት እንደ ሚዛን ቀጥ ያለ ነው። ኪስ ሲገባ ግን አለነ ጉዱን አየው። ከሰባ ስድስት ላይ ሃምሳውን ለቤት ሲያስቀምጥ ሃያ ስድስት ይቀረዋል። ለወላጆቹ በወር አሥራ አምስት ይቆጥባል፤ አገኘሁ ወደ አገር ሲመለስ የሚልከው ያንን ነው። አሥራ አንድ ብር ቀረ። ከዚያ ላይ እድር አለ፤ ሳሙና አለ፤ ጓደኛ ሻይ ሲጋብዝ መልሶ መጋበዝ አለ። ታንጉ ግን ከሁለት መቶ ሃያ ላይ ሃምሳዋን አስቀምጣ በቀሪው ጨርቅ በጅምላ ትገዛለች። ሁለቱም ያው ሃምሳ ነው የከፈሉት፤ አንዱን ያጎብጠዋል፣ አንዷን አይሰማትም።

ፀጉር መቆረጥ ተወ። በኅዳር ጢሙ አገጩን ሸፈነው። የትራክተሩ ሾፌር ፈረደ ባየው ቁጥር፣ “አባ፣ ይፍቱኝ!” እያለ ጉልበቱን ይስመው ጀመር። የእርሻው ሠራተኛ ሁሉ ይስቃል። አለነም ይስቃል፤ ሌላ ምን ያድርግ?

የሚያስቀው ደግሞ ቤት ውስጥ አለመለያየታቸው ነበር። ማኩረፍ አልቻሉበትም። ታንጉ ለራሷ ሥጋ ከገዛች፣ “ይኸ ከእኩሉ ውጭ ነው፤ ከኔ ኪስ ነው” ትልና ግማሹን እሱ ፊት ታስቀምጣለች። እሱ፣ “እኔ ያልከፈልሁበትን አልበላም” ይላል። “እንግዲያ ለድመት ልስጠው” ትላለች። ያን ጊዜ ይበላል።

ኅዳር ሲያልቅ አገኘሁ ለወላጆቹ ስንቅ ሊያደርስ ወደ አገሩ ወጣ። አለነ ጋቢውን በሠላሳ ብር ሸጦ ካጠራቀመው ጋር ያገኘው ስልሳ ብር ነበር። ሦስት መቶ ቃል ገብቶ ስልሳ! ብሩን ሲሰጠው ዓይን ዓይኑን ማየት ከበደው። “ቀሪው ይመጣል በላቸው” አለ። መቼና ከየት እንደሚመጣ ራሱም አያውቅም።

በጥር፣ የማሽላው አጨዳ ሲጧጧፍ፣ አገኘሁ ተመለሰ። ከጭነት መኪናው ላይ ግን ብቻውን አልወረደም። ነጭ ኩታ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ረዥም ሽማግሌ ተከትለውት ወረዱ። አለነ ካለበት ሮጦ መጣ። አባቱ ናቸው። በዕድሜያቸው ቆላ ረግጠው አያውቁም። “ሊወቅሱኝ ነው የመጡት” አለ በሆዱ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

አቶ ገብረማርያም ቤት ገብተው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ በልተው እስኪጠግቡ ስለ በሬው ቃል አልተነፈሱም። አለነ መጠበቁ ገደለው። በመጨረሻ ራሱ ጀመረ።

“አባቴ፣ የበሬውን ነገር... ቃሌን ስላላደረስሁ ይቅር ይበሉኝ።”

“የምን ይቅርታ?” አሉ አቶ ገብረማርያም። “በሬውማ ተገዛ! ዳማ ነው፣ ቀንዱ እንዲህ የቆመ። ሁለት መቶ አሥር ብር ልከህ፣ የጎደለውን ሦስት በግ ሸጬ ሞላሁት። እኔ የመጣሁት እናትህ ‘ሄደህ መርቅልኝ’ ብላኝ ነው።”

“ስንት አሉኝ?”

“ሁለት መቶ አሥር።”

አለነ በሩ ሥር ወደ ተቀመጠው አገኘሁ ዞረ። “ስልሳ አይደለም የሰጠሁህ?”

አገኘሁ ጣራውን አየ። ከዚያ ታንጉን አየ። ታንጉ ድንገት ድስቱን ማማሰል አማራት፤ ድስቱ ግን ከእሳት ከወረደ ቆይቷል።

“ማርያምን አስምላኛለች” አለ አገኘሁ። “አልናገርም ብያለሁ። አልተናገርሁም እንግዲህ፤ ዓይኔ ነው የዞረው።”

አለነ ፊቱ መጀመሪያ በእፍረት ጠቆረ። ቀጥሎ ወደ ታንጉ ዞረ። “አምስት ሳንቲም የለኝም አላልሽኝም?”

“አምስት ሳንቲም አልሰጠሁም” አለች ታንጉ ሳትዞር። “መቶ አምሳ ብር ነው የሰጠሁት።”

አቶ ገብረማርያም ቀድመው ሳቁ። ሳቃቸው ቤቱን ሞላው፤ ኩታቸው ከትከሻቸው ወደቀ። አለነም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሽማግሌው ሲረጋጉ፣ “ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ በሬ ገዛልኝ ብያለሁ። እንግዲህ ስመለስ ልጆቼ ገዙልኝ ማለት አለብኝ። ግን ልጄ፣ ለምን ደበቅሽ?” አሏት።

“አባቴ፣ በሬ ለሌለው ገበሬ መላክ አላስከፋኝም” አለች። “ሳይጠይቀኝ ቃል መግባቱ ነው የቆጨኝ። ደግሞ አፌን ሞልቼ አልሰጥም ካልሁ በኋላ ቃሌን መዋጥ አቃተኝ። መደበቄስ ጥፋት ነው።”

“የኔ ይብሳል” አለ አለነ። “ዓመት ሙሉ የሷሊህን ዱቤ ስትከፍዪ እያየሁ ዓይኔን ጨፈንሁ። አበላታለሁ እያልሁ ስበላ ኖርሁ።”

“እሱንስ ተው” አለች ታንጉ። “ባለፈው ክረምት የስፌት መኪናዬ ተኝታ ሳለች፣ ያቺ ደመወዝህ ባትኖር ምን እንበላ ነበር?”

በማግስቱ እሑድ ነበር። ታንጉ መሠረተ ትምህርት ገብታ የምስክር ወረቀት የያዘች ናትና፣ የስፌት ጠመኔዋን አንሥታ በአንድ ቁራጭ ካኪ ላይ ሒሳቡን ጻፈች። አባትየው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ ዳኛ ይሰማሉ።

“የኔ ገቢ በአምስቱ ወር ሺ አንድ መቶ፣ በሰባቱ ወር ሦስት መቶ አምሳ። ለዓመቱ ሲበተን በወር መቶ ሃያ ያህል ነው። ያንተ ሰባ ስድስት። ስለዚህ እኔ ሦስት ስጥል አንተ ሁለት ትጥላለህ።”

ከመቶው የቤት ወጪ ስልሳው የሷ፣ አርባው የሱ ሆነ። ለዘመድ በወር ሠላሳ ተቆረጠ፤ አሥራ አምስቱ ለጎጃም፣ አሥራ አምስቱ ለጭልጋ፣ እሱም በዚያው ሦስት ለሁለት። ለእቁብ ሃያ፣ እሷ አሥራ ሁለት እሱ ስምንት። በአጨዳው ወራት ከመቶ ሃያ በላይ የምታገኘው ሁሉ ለክረምት ይቀመጣል፤ አምስት መቶ ብር ይሆናልና ሰባቱን ወር ይደጉማል። ከመደበኛው በላይ የሚጠይቅ ዘመድ ከመጣ ደግሞ ለዚያ ሰው መልስ የሚሰጠው ሁለቱ ከተመካከሩ በኋላ ነው።

“ለኔ ስንት ተረፈኝ?” አለ አለነ።

“አሥራ ስድስት። ለኔ ሠላሳ።”

“እሱንስ ምን አደረግህበት ብለሽ ትጠይቂኛለሽ?”

ታንጉ ትንሽ አሰበች። “አልጠይቅህም። አንተም አትጠይቀኝም።”

“እኔ የማይገባኝ” አሉ አቶ ገብረማርያም፣ “እናንተ ያላችሁ እንዲህ የምትጨቃጨቁ፣ እኔና እናትህ የሌለን አንድ ቀን አልተጣላንም።”

“ባይኖራችሁ ነዋ!” አለ አለነ፤ ሦስቱም ሳቁ።

ሽማግሌው ሳምንት ሰነበቱ። ታንጉ አዲስ ካኪ ሱሪ ሰፋችላቸው፤ ከየትኛው ድርሻ እንደወጣ አልተጻፈም። መርቀው ሄዱ።

በየካቲት ደመወዝ አለነ መጀመሪያ ጢሙን ተላጨ። ፈረደ ቡራኬ በማጣቱ አዘነ። በመጋቢት ደግሞ ከሱዳን የመጣ ጥቁር መነጽር በአሥራ አራት ብር ገዝቶ፣ አድርጎት ቤት ገባ። ፀሐይዋ ጠልቃ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ባልዲውን ረግጦ ተንገዳገደ።

ታንጉ አየችው። አፏን ከፈተች። ከንፈሯን ነከሰች፣ እጇን በአፏ ላይ አደረገች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አንድ ቃል ግን አልወጣትም።