ብጣሽ ወረቀቷና ደብዳቤው

ለልጆች ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራው በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ኃላፊዋን በስማቸው የሚጠራ የለም። እትዬ ሳንቲም ነው የሚባሉት። አንድ ጊዜ የሰባ አምስት ሳንቲም ልዩነት አልገኝ ብሏቸው ሦስት ቀን ሙሉ ደረሰኝ ሲያገላብጡ ከረሙ። እግር ሠሪው መጣና፣ "እትዬ፣ ሰባ አምስቷን ሳንቲም እኔ ልስጥዎትና እንገላገል" አላቸው። "የአንተን ሳንቲም ምን ብዬ ልመዝግባት?" አሉት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተለጠፈባቸው።

ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከታናሽ እህታቸው ጋር ነው የሚኖሩት። እዚያው ድርጅት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሂሳብ ላይ አይሳሳቱም፤ ሰው ፊት መናገር ግን አይሆንላቸውም። መጀመሪያ ቦርድ ፊት የቀረቡ ቀን ጉሮሯቸው ደረቀ። ሰብሳቢው በንግድ ያረጁ ሰው ናቸው፤ አዘኑላቸውና፣ "ልጄ፣ አትጨነቂ። በአጭሩ ባንክ ስንት አለን?" አሏቸው። እሳቸውም ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው አቀበሉ። ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ ብጣሿ ወረቀት ከትልቁ ሪፖርት በላይ ተቀምጣ ትገባለች። ሪፖርቱን የሚገልጥ ሰው እየቀነሰ መጥቶ በመጨረሻ ጠፋ። ይህን ያስለመዱ ራሳቸው ናቸው፤ በኋላ ያንገበገባቸውም ይኸው ነው።

ዘንድሮ ብጣሿ ላይ የተጻፈው ቁጥር ዘጠኝ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ነበር። ድርጅቱ እንዲህ ያለ ገንዘብ አይቶ አያውቅም። ሰብሳቢው ወረቀቷን ሁለት ጊዜ አነበቧትና፣ "እስከ መቼ ነው በኪራይ ቤት የምንንገላታው?" አሉ። በሳምንቱ ቤት ተገኘ። ቀብዱ አምስት ሚሊዮን ነው፤ አንዴ ከተከፈለ አይመለስም።

እትዬ ሳንቲም የዓመቱን ሂሳብ የዘጉት በዚያው ሳምንት ነው። የአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ጉድለት ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን እንዳየ ከወንበሩ ተነሣ።

"እትዬ፣ ባንኩ ሞልቶ እንዴት ነው የምንከስረው? ቀልድ ነው?"

"ቀልድ አይደለም ልጄ። የሞላው በእኛ ገንዘብ አይደለም።"

"እንግዲያው ለቦርዱ በደብዳቤ ያስረዱ። እኔ ግን በመሃል የለሁበትም።" ሲናገር ዓይናቸውን አላያቸውም።

አራት ገጽ ጻፉ። ወደ እግር ሠሪው ክፍል ወስደው አስነበቡት። ክፍሉ የጄሶ ብናኝ ለብሷል፤ መደርደሪያው ላይ የልጆች እግር ቅርጽ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ላይ ስምና ቀን በእርሳስ ተጽፏል። እግር ሠሪው ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሶ፣ "እትዬ፣ እኔ ልሙት፣ እንቅልፌ መጣ። እኔ ያልገባኝ ለነዚያ ሽማግሌዎች ሊገባ ነው? ለእህትዎ እንደሚያወሩት አድርገው ይጻፉት" አላቸው።

እሳቸውም ቀደው እንደገና ጻፉ። አንድ ገጽ ሆነ። እንዲህ ይላል፦

"ለተከበረው ቦርድ። ጉዳዩ፦ ባንክ ገንዘብ እያለ ጉድለት ለምን እንደታየ። ባንኩ የያዝነውን ይነግረናል፤ የማን እንደሆነ አይነግረንም። ለጋሹ ለመቶ ሰማንያ ልጆች እግር ዘጠኝ ሚሊዮን አስቀድሞ ሰጠን፤ ለአንድ ልጅ ሃምሳ ሺህ ነው። ገቢያችን የሚሆነው እግሩ ተሠርቶ ልጁ ሲረከብ ብቻ ነው። ዘንድሮ ሠላሳ ልጆች ተረከቡ፤ ገቢያችን ከዚህ አንድ ሚሊዮን ተኩል ነው። ከሌላ ቦታ አራት ሚሊዮን መቶ ሺህ አገኘን። ወጪያችን ስድስት ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ ነው። ጉድለቱ የመጣው ከዚህ ነው። ባንክ ካለው ውስጥ ሰባት ሚሊዮን ተኩሉ ገና እግር ያልተሠራላቸው የመቶ ሃምሳ ልጆች ነው። ለሌላ ነገር ከዋለ ለጋሹ መልሱ ይለናል፤ ውሉ እንዲህ ይላል። ከቀረው ላይ ለዕቃ አቅራቢዎች ያልከፈልነው ዘጠኝ መቶ ሺህ፣ የሠራተኛ የስንብት ክፍያ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ አለብን። ይህ ሲቀነስ የራሳችን የምንለው የለም፤ እንዲያውም አራት መቶ ሺህ ይጎድለናል። ቀብዱ ከልጆቹ ገንዘብ ነው የሚወጣው።"

ስብሰባው ጧት ነበር። ሰባት ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። የቤቱ ፎቶ መሃል ላይ ተዘርግቷል። ደብዳቤው ለሁሉም ታደለ። አንዱ መነጽሩን ረስቷል፤ አንዱ ስልኩን ያያል። ሰብሳቢው ግን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እትዬ ሳንቲም ተስፋ አደረጉ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጠፉት።

"ልጄ፣ ደብዳቤሽ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ገንዘቡ ባንክ አለ ወይስ የለም?"

"አለ ጋሼ፤ ግን..."

"አለ አለች፤ ስሙ።"

"ጋሼ፣ የልጆቹ ነው።"

"የልጆቹ እግር በሁለት ዓመት ነው የሚያልቀው፤ እኛ በስድስት ወር እንተካዋለን። እኔ ሱቄን እንዲህ እያልኩ ነው ያቆምኩት። ስንቱን ብር ከወዲህ ወዲያ እያገላበጥኩ!"

ሰዎቹ ሳቁ። ሥራ አስኪያጁም ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ። ከየት እንደሚተካ የጠየቀ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው ላይ "ማብራሪያው ተደምጧል" ተብሎ ተጻፈ፤ ከሥሩ ቤቱ እንዲገዛ ተወሰነ።

ከሰዓት በኋላ ቼኩ ጠረጴዛቸው ላይ መጣ። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ገብቷል፤ የሳቸው ቦታ ባዶ ነው። እስክሪብቶውን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ ለራስዎ ይወቁበት።"

"አውቄበት ነው ልጄ። ለሰባ አምስት ሳንቲም ሦስት ቀን የታመስኩት ሴትዮ ለዚህ አልፈርምም።"

አልጮኸባቸውም። ቢጮኽባቸው ይሻል ነበር። ቼኩን ቀስ አድርጎ አንሥቶ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ለባንኩ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ሁለተኛ ፈራሚው ተቀየረ። እሳቸውን ያባረራቸው ሰው የለም። መዝገባቸውን ይዘው እዚያችው ወንበር ላይ ቀሩ፤ ቀብዱም ወጣ።

ማታ እህታቸው፣ "ደመወዝሽን ካልነኩት ምን አገባሽ?" አሏቸው።

ዕቃ አቅራቢው የቀድሞው ዕዳ ስላልተከፈለው በብድር መስጠት አቆመ። የእግር ሠሪው ክፍል የማሽን ድምፅ እየሳሳ ሄደ። እሱም መቀለዱን ተወ። እትዬ ሳንቲም አንድ ቀን ሲገቡ አንዱን ትንሽ የጄሶ ቅርጽ ይዞ ቀኑን እያነበበ ነበር።

"ይህች ልጅ ከተለካች አምስት ወሯ ነው" አላቸው። "ልጅ ደግሞ ያድጋል እትዬ። አሁን ዕቃው ዛሬ ቢመጣ እንኳ ይህ አይሆናትም። እንደገና መለካት ነው። እነዚህ ሁሉ እንዲሁ ናቸው።" ቅርጹን ወደ መደርደሪያው መለሰው። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ሙሉ ነበር።

የሚቀጥለው ስብሰባ ደረሰ። ሰብሳቢው እንደ ድሮው፣ "ልጄ፣ በአጭሩ" አሉ። እትዬ ሳንቲም ብጣሽ ወረቀት አውጥተው ሁለት መስመር ጻፉ። ከላይ፦ ባንክ ያለው ሦስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሺህ። ከታች፦ የልጆቹ ሰባት ሚሊዮን መቶ ሺህ። በሦስት ወር የተረከቡት ስምንት ልጆች ብቻ ነበሩ።

ሰብሳቢው አዩት። ከዚያ ወረቀቷን በሁለቱ መስመሮች መሃል አጠፏትና የላይኛውን ብቻ አነበቡ።

"ደህና ነን" አሉ።

በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ። ዘበኛው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "እትዬ፣ ከለጋሹ የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። የልጆቹን ሂሳብ ነው የምናየው ይላሉ" አለ።

ሰብሳቢው የታጠፈችውን ወረቀት በጣታቸው እየገፉ ወደ እሳቸው አስጠጓት።

"ልጄ፣ አንቺ አስረጃቸው።"

እትዬ ሳንቲም ተነሡ። ወረቀቷን ዘረጓት፤ የደብዳቤውንም ቅጂ ከመዝገቡ መሃል አወጡ። ጉሮሯቸው እንደ መጀመሪያው ቀን ደርቆ ነበር፤ ቢሆንም ወደ በሩ ሄዱ።