ተመልካቾቼ ከየት ይመጣሉ

የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ ጅማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ዝምታው ሲከብደኝ፣ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ስራዬን እየቀረጽኩ በራሴ የቪዲዮ ቻናል ላይ መጫን ጀመርኩ። ገሚሱን በአማርኛ፣ ገሚሱን በኦሮምኛ ነው የማወራው። ተመልካቹ እየበዛ ሲሄድ የሚናፍቁኝ ሰዎች ያገኘሁ መሰለኝ። «ቤተሰቦቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ» እያልኩ እጀምር ነበር።

አንድ ቅዳሜ ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የምታስተምር ጎረቤቴ የስፌት መኪናዋን ልታሰራ መጣች። ተመልካቾቼ ከየት እንደሚመጡ አይቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደማላውቅ ስነግራት ስልኬን ተቀብላ የቻናሌን የተመልካች ሪፖርት ከፈተችልኝ። አብዛኛው ከፍለጋ ነበር። እሱን ስትነካው ሰዎቹ የጻፉት ወጣ፦ «መኪና ክር ይበጥሳል»፣ «መርፌ ይሰብራል»። ሌላ ቪዲዮ ሲያዩ የእኔ ከጎን ቀርቦላቸው የገቡት ጥቂት ናቸው። ሰብስክራይብ አድርገው ማሳወቂያ ሲደርሳቸው የመጡትማ ከቁጥር አይገቡም።

«ታዲያ ቤተሰቦቼ የት አሉ?» አልኳት።

«መኪናቸው ሲበላሽ ይመጣሉ፤ ሲሰራላቸው ይሄዳሉ» አለችኝ ቀስ ብላ።

ልታስከፋኝ ብላ አልነበረም። እሷ ስትወጣ ግን ሱቁን በቀን ዘጋሁት። ሳምንቱን ሙሉ ምንም አልቀረጽኩም፤ ሪፖርቱን ብቻ እየከፈትኩ አየው ነበር።

እንዲህ ስመለከት አንዱ ቪዲዮ ከሌሎቹ ተለየብኝ። በእግር ስለሚረገጠው አሮጌ መኪና የሰራሁት ነው። ይሄ በፍለጋ ሳይሆን ከቻናሉ ውጭ በተላከ ሊንክ ነበር የሚታየው። ሪፖርቱ ሊንኩ የተላከበትን የመልእክት መተግበሪያ እንጂ የላከውን ሰው አይናገርም። አስተያየቶቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው በሸቤ ከተማ የሚኖር አንድ ልብስ ሰፊ በኦሮምኛ አመስግኖኝ፣ ቪዲዮውን የላኩለት አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ እንደሆኑ ጽፏል።

ሸቤ የማውቃቸው ሽማግሌ ጠጋኝ አንድ ናቸው፤ ሙያውን ያስተማሩኝ። ሳልነግራቸው ወጥቼ የራሴን ሱቅ ስከፍት አዝነውብኝ፣ ለዓመታት ተቆራርጠን ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ያወቁኝ በድምፄ ነው። ሊንኩን የላኩት እሳቸው እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ዓይኔ እምቢ አለኝ። መኪና የተበላሸበት ሁሉ ሲጠራኝ በልጄ ስልክ አንተን አስልክላቸዋለሁ። እጅህን ባላየውም ድምፅህን እሰማለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«አባባ፣ አስቀይሜዎት ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውፍ ብያለሁ። ስታወራ ግን ትቸኩላለህ። የመኪናውን ሸምስ ስታስተካክል ምን እንዳደረግክ አልገባኝም።»

ምሳ አብረን በላንና ከመምሸቱ በፊት ጅማ ገባሁ። ቤቱ እንደ ወትሮው ጭር ብሎ ነበር። ሪፖርቱ ዛሬም አልተለወጠም፤ አብዛኛው ሰው ፈልጎ ያገኘኛል፣ አይቶ ይሄዳል። እኔ ግን ስቀርጽ እጄ የሚሰራውን ሁሉ በዝግታ እናገራለሁ፤ ሸቤ ሆነው እጄን ለማያዩት ሽማግሌ።