ከምስጢሩ ውጭ የሆኑት

ወንድሜ ከሞተ ብዙም ሳይቆይ ይሠራበት የነበረው የቅየሳ ድርጅት እኔን ቀጠረኝ። ቢሮው ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የኪራይ ቪላ ነበር። ሥራዬ መተየብና ወረቀት ማባዛት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ አማርኛም ኦሮምኛም እጽፋለሁ። ለዚያ ሥራ ይበቃል። እኔ ግን በዚህ ምክንያት ቀጠሩኝ ብዬ አላመንኩም። አፌን ለማስያዝ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ወንድሜ የቀያሹ ረዳት ነበር። ቀያሹ በመሣሪያው ሲያነጣጥር እሱ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ይዞ ከጥግ ወደ ጥግ ይሄዳል። የሚለኩት ከፉሪ በታች፣ የእኛና የጎረቤቶቻችን ማሳ ከሚታይበት አጠገብ ነው። ያን ሰሞን ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማስተር ፕላኑ ነበር። አዲስ አበባ መሬታችንን ሊጠቀልል ነው ይባላል። ማሳ መሃል ዘንግ ይዞ የቆመ ሰው ምን እንደሚባል መገመት አይከብድም። ጎረቤቶቻችን ጠየቁት። አባታችንም ጠየቀው። «ስለ ሥራው አትናገሩ ተብለናል» ከማለት በቀር ምንም አልመለሰም።

አንድ ቀን በተቃውሞ መንገድ ተዘጋ። ከሥራ በእግሩ ሲመለስ ጥይት መታው። ከየት እንደተተኮሰ እስካሁን አናውቅም። ለቅሶው ላይ ሰው መጣ፣ ግን የሚጎድል ሰው ነበር። ማሳቸው ከእኛ ጋር የሚዋሰን አንድ ሽማግሌ፣ ኦቦ ነው የምንላቸው፣ አልመጡም። «ማስተር ፕላኑን ለለካ ልጅ አላለቅስም» አሉ ተባለ። አባቴም ይህን ሰማ። ከዚያ ወዲህ የወንድሜ ስም ቤታችን ውስጥ ሲነሳ እንኳ ድምፃችንን እንቀንሳለን። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የለካው ምን እንደሆነ ማወቅና መናገር።

ኢንጂነሩ፣ የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ አንድ ጠዋት ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ስምምነት ነበር።

«ይሄ ደንበኛችን ከሆነው ባለ ፋብሪካ ጋር የፈረምነው የምስጢር ጥበቃ ስምምነት ነው» አለ። «መስክ ላይ ያሉት ልጆች አላነበቡትም። ቢሰጣቸውም አያነቡትም። አንተ በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ ጻፈው። ምኑ ምስጢር እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ። የሕግ አማካሪያችን አይታ ታስተካክለዋለች።»

«ለምን እኔ?» አልኩት።

አየኝ። «መተየብ የምትችል አንተ ነህ።»

ይኸው ነው መልሱ። እውነቱን ይሁን እየፈተነኝ ይሁን አላወቅኩም። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ አንቀጽ ብዙ ጊዜ አነብባለሁ። ማን ለማን ምን እንደከለከለ እየፈለግኩ ነበር። የሆነ ቦታ ስለ ወንድሜ የተጻፈ ነገር የማገኝ ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። ስምምነቱ በባለ ፋብሪካውና በድርጅቱ መካከል ነው። ሠራተኛው የሚታሰረው በድርጅቱ በኩል ነው፤ ድርጅቱ ሠራተኞቹ እንዲጠብቁ የማድረግ ግዴታ አለበት።

ምስጢር የሚባለው ባለ ፋብሪካው ለሥራው ብሎ የሰጠን ነው፦ ንድፎች፣ የማሽን አቀማመጥ፣ የዋጋ ሰነድ፣ «ምስጢር» ተብሎ የተጻፈበት ማንኛውም ወረቀት። በቃል የተነገረም ይጨመራል፣ ምስጢር መሆኑ በኋላ በጽሑፍ ከተረጋገጠ። በዝርዝሩ መካከል አንድ ቃል ነበር፦ ማስተር ፕላን። እንዳለ ወሰድኩት። ኢንጂነሩም አይቶ «ውሉ የሚለው ይሄንኑ ነው» አለና ወደ ማተሚያው ላከኝ።

የመጀመሪያውን ቅጂ ያነበበው ሾፌሩ ነው። ከወላይታ የመጣ ጴንጤ ነው፣ መኪና ውስጥ መዝሙር ሳይከፍት አይነዳም። ቀስ ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። «ማስተር ፕላኑን ለማንም ሰው ማሳየትም ሆነ መንገር ክልክል ነው።» ቆመ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

«ወንድሜ፣ ይሄን የጻፍከው እኛን ልታስገድለን ነው?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ይሄን ይዤ አለም ገና ላይ መንገድ የሚዘጉት ልጆች ፊት ልቁም? አንድ ልጅ መስኮቱን ያንኳኳል፣ ወረቀቷን ያያል፣ በቃ። መኪናዋም አብራኝ ጌታ ጋ ትሄዳለች። እሷ ደግሞ አልዳነችም።»

ቀያሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አሁን ነው የገባኝ። በስምምነቱ ውስጥ ማስተር ፕላን ማለት የፋብሪካው የግቢ ንድፍ ነው፤ የትኛው ሕንፃ የት እንደሚቆም፣ መኪና በየት እንደሚገባ። በቢሮው ቋንቋ እንደዚያ ነው የሚባለው። ቀያሾቹ እርስ በርሳቸው ቀኑን ሙሉ «የማስተር ፕላኑን ነጥብ አምጣ» ይባባላሉ። ወንድሜም በዚያው ቋንቋ ነበር የሚያወራው። አንድ ቀን ማሳው ዳር ሆኖ በስልክ ሲያወራ ማን ሰምቶት ይሆን? ይህን ማሰብ ማቆም አልቻልኩም።

ቃሉን ለማስቀየር ወደ ኢንጂነሩ ገባሁ። «የፋብሪካው የግቢ ንድፍ» ልበል አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ፣ ተስማማ። ከዚያ ወደ ታች እያነበበ መጣና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድን ነው? ‹ከምስጢሩ ውጭ የሆኑ›?»

«ስምምነቱ ላይ አለ፤ መናገር የሚፈቀደው ዝርዝር ነው።»

«መኖሩን አውቃለሁ። ለምን ከሌላው ሁሉ አስረዘምከው? ምን ልትናገር ፈልገህ ነው?»

«ምንም።»

«ስለ ወንድምህ አዝናለሁ። ግን እዚህ ቢሮ ያመጣሁህ ሰፈር ለሰፈር ወሬ እንድታዞርልኝ አይደለም። አውጣው። ‹ስለ ሥራው ለማንም አትናገሩ› በል፣ ይበቃል።»

ያቺኑ ዓረፍተ ነገር። ወንድሜ ለአባቴ የመለሳትን። ለምን መደበቅ ፈለገ አልኩ በልቤ። የሚደበቅ ነገር ከሌለ ለምን? እሱም እኔን እያየ የሚያስበው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

ስልክ ደውሎ የሕግ አማካሪዋን አገኛት፣ እኔም እንድሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። መንገድ ስላልታመነ ከአዲስ አበባ አልመጣችም። ያደረግኩትን ነገራት። ረቂቁ በኢሜይል ደርሷት ስለነበር እያነበበች ነበር።

«ከምስጢሩ ውጭ የሆኑት ይቅሩ ነው የምትለው?» አለችው።

«ልጆቹ ግራ ይጋባሉ።»

«ኢንጂነር፣ ማስታወሻው የውሉ ማጠቃለያ ነው አይደል? ውሉ ያልከለከለውን በውሉ ስም ልትከለክል አትችልም። ቢሮው የራሱን ደንብ ማውጣት ከፈለገ ለብቻው ይጻፈው። ደግሞ ሁሉ ነገር ምስጢር ነው ስትላቸው እውነተኛውን ምስጢር ከሌላው አይለዩትም።» ከዚያ እኔን ጠራችኝ። «አንተ ልጅ፣ እዚያ ነህ?»

«አለሁ።»

«‹ሰው ያወቀው ነገር ሁሉ ነፃ ነው› ብለሃል። ስህተት ነው። ምስጢሩን እኛው አውጥተነው ሰው ቢያውቀውስ? ‹ያለ እኛ ጥፋት ለሕዝብ የታወቀ› በል። ደግሞ የታወቀው ክፍል ብቻ ነው ነፃ የሚሆነው። አንዱ ጎን ታወቀ ብለህ ሌላውን አትናገርም።»

ጻፍኩ። እሷ እየተናገረች እኔ እየጻፍኩ ጨረስነው። ባለ ፋብሪካው ሳይሰጠን በፊት የምናውቀው፤ የመናገር መብት ካለው ከሌላ ሰው ያገኘነው፤ ከሱ ወረቀት ሳንነሳ በራሳችን የሠራነው፤ እነዚህ ከምስጢሩ ውጭ ናቸው። ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ካስገደደ የተጠየቀው ያህል ብቻ ይሰጣል፣ ግን አስቀድሞ ለቢሮው ተነግሮ ባለ ፋብሪካው እንዲያውቅ ይደረጋል። ስለ ጊዜውም አረመችኝ። እኔ ከተፈረመበት ቀን ሦስት ዓመት ብዬ ነበር። ሥራው ካለቀበት ቀን ነው ሦስት ዓመቱ የሚቆጠረው። የአመራረቱ ምስጢር ደግሞ ምስጢር ሆኖ እስከቆየ ድረስ ይጠበቃል።

«አንድ ጥያቄ» አልኳት። ኢንጂነሩ አየኝ። «የመሬቱ ወሰንስ? የዳር ጥጎቹ?»

«ማዘጋጃ ቤቱ የወሰኑን ማስታወቂያ አውጥቷል አይደል፣ አቤቱታ ያለው እንዲያቀርብ?»

«አውጥቷል» አለ ኢንጂነሩ፣ ሳይወድ።

«እንግዲያው ወሰኑ ለሕዝብ የታወቀ ነው። ውስጡ የሚሠራው ግን አይደለም።»

ወንድሜ ዘንጉን ይዞ ከጥግ ወደ ጥግ ሲለካ የነበረው ይህንኑ ወሰን ነው። ማስታወቂያው እሱ በሕይወት እያለ ተለጥፎ ነበር። መናገር ይችል ነበር ማለት ነው። ማንም አልነገረውም። ወደ ሽንት ቤት ሄጄ በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ማስታወሻው ለሁሉም ታደለ። ሾፌሩ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «አሁንስ ሰው ቢያየውም ግድ የለም» አለ። ኢንጂነሩ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም።

እሁድ ኦቦን ከማሳቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቅኳቸው።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ።»

«ናጋ» ብለው ሰላምታውን መለሱ፣ ግን አልቆሙም።

«ወንድሜ የለካውን ልነግርዎ ነው።»

ቆሙ። «ማን ላከህ? ቢሮው?»

«ማንም አልላከኝም። የለካው የአንድ ፋብሪካ ግቢ ወሰን ነው። ሌላ አይደለም። ማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ይምጡና ይዩት።»

«ውስጡ ምን ሊሠራ ነው?»

«እሱን መናገር አልችልም።»

ዐይናቸውን አጠበቡ። «አየህ? ግማሹን ትነግረኛለህ፣ ግማሹን ትደብቃለህ።»

«አዎ» አልኩ።

ሰኞ ግን መጡ። ቢሮው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ አብረን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄድን። ወረቀቱ ፀሐይ አደብዝዞታል። ጥጎቹን በኦሮምኛ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ወንዙን፣ የባሕር ዛፉን መስመር፣ የጠጠር መንገዱን ያውቋቸዋል። በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ።

«የእኔስ በየት ነው?»

«ከዚህ መስመር ወዲያ። ከውጭ ነው።»

ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አነሱ። «ጠይቄው ነበር እኮ» አሉ። «እዚያው ማሳዬ ዳር። ለምን አልነገረኝም፣ ኢልማኮ፣ ልጄ?»

«አትናገር ተብሎ ነበር።»

«ምኑን እንዳይናገር?»

«እሱን አልነገሩትም፣ ኦቦ።»

አንድ የሚያውቁት ሰው ከኋላችን መጥቶ ሰሌዳውን ማየት ጀመረ። ኦቦ ወደሱ ዞሩ። «የፋብሪካ ግቢ ነው» አሉት። «የዚህ ልጅ ወንድም የለካው ይሄን ነው፤ ይሄን ብቻ።» ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ኦቦ ደገሙለት፤ በዚህ ጊዜ ድምፃቸውን አልቀነሱም።